ሐኪሙ ሲደብቅና ሲናገር

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? እኔ ደህና ነኝ፤ እዚሁ ሐዋሳ አለሁ። ይህን ያህል ተጠፋፍተን መክረማችን ሲከነክነኝ ሰንብቷል። ዛሬ ግን ብዕር ያስነሳኝ ፊልም ነው። እንዲህ ያለውን ካንተ ሌላ ከማን ጋር አወራዋለሁ?

የአኪራ ኩሮሳዋን «ኢኪሩ» ታስታውሰዋለህ፤ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣውን። ዕድሜውን ወረቀት ላይ ማኅተም ሲመታ የፈጀ የቶኪዮ ሹም የጨጓራ ካንሰር ይይዘዋል። በቀረችው ጊዜ ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ቦታ ያሠራል። እንግሊዞች በ2022 «ሊቪንግ» ብለው እንደገና ሠሩት። ድርሰቱን ካዙኦ ኢሺጉሮ ጻፈው፣ ኦሊቨር ሄርማኑስ አዘጋጀው፣ ቢል ናይ ተወነበት። ቦታው የ1953ቷ ለንደን ሆኗል።

ሁለቱን አከታትዬ ሳያቸው ዓይኔ ያረፈው ሐኪሙ ላይ ነው። በጃፓኑ ፊልም አንድ ወሬኛ በሽተኛ ተራ እየጠበቀ ለሽማግሌው ይነግረዋል፦ «ቀላል ቁስለት ነው፣ ያሻህን ብላ ካሉህ አለቀልህ» ዓይነት። ገብቶ ሲቀመጥ ሐኪሙ ያንኑ ቃል በቃል ይደግምለታል። ሽማግሌው የያዘው ካፖርት ከእጁ ይወድቃል። እኛም አገር እኮ መርዶው ለቤተሰብ እንጂ ለበሽተኛው አይነገርም። ለዚህ ነው አንጀቴን የበላኝ።

እንግሊዛዊው ሐኪም ግን ፊት ለፊት ይናገራል። ሰውየው በአንዲት ቃል ብቻ ይመልስና ዝም ይላል። ለአገሩ ልክ ነው፤ እዚያ የሚደበቀው በሽታው ሳይሆን ስሜቱ ነው። የፊልሙ ድምፀት በሙሉ ከዚህ ይቀዳል። የጃፓኑ ተዋናይ ታካሺ ሺሙራ ዓይኑ ፈጦ፣ ድምፁ ተቆራርጦ ሲያስጨንቅህ፣ ቢል ናይ ኮቱን እንደቆለፈ ይሞታል። ናይ ግሩም ነው፤ ግን ሐዘኑ ሲበዛ አምሯል።

በእንግሊዙ ፊልም ያልተዋጠልኝ ለቅሶው ነው። «ኢኪሩ» 143 ደቂቃ ነው። ሰውየው ከሞተ በኋላ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ለቅሶ ቤት ያስቀምጥሃል። ምክትል ከንቲባው የሥራውን ምስጋና ለራሱ ይወስዳል። የሰፈሩ እናቶች መጥተው ሲያነቡ አንገቱን ይደፋል፣ ከዚያ ሹልክ ይላል። የቀሩት መጠጥ ሞቅ ሲያደርጋቸው ቀስ በቀስ እውነቱን ያወጡታል፣ እንደ እርሱ እንሠራለን ብለው ይምላሉ። በማግስቱ ቢሮው ያው ነው። እኛ ለቅሶ ቤት ያደግን ሰዎች ያንን ሐሜትና ጸጸት በደንብ እናውቀዋለን፤ ርዝመቱ አይሰለችም።

«ሊቪንግ» በ102 ደቂቃ ያልቃል። መሐላውን ባቡር ውስጥ በአጭሩ ያስምላቸዋል። ሟቹ ለወጣት ባልደረባው የተወው ደብዳቤ ደግሞ የሥራውን ትርጉም ራሱ ያስረዳናል። በ«ኢኪሩ» ግን ሰካራሞቹ ተሟግተው እስኪደርሱበት መጠበቅ አለብህ፤ እኔ ይህንን እመርጣለሁ።

ለፋሲካ ወደዚህ ብቅ ካልክ አብረን እንያቸው፤ መጀመሪያ ጃፓኑን። እስከዚያ ግን መልስህን አትንፈገኝ፤ በተለይ ስለ ሐኪሙ የምትለውን መስማት እፈልጋለሁ።

ወንድምህ፣ ከሐዋሳ