የመግቢያ አድራሻችን ለምን እንደሚቀያየር፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ሰሞኑን ብዙዎቻችሁ ተቆጥታችሁ ጽፋችሁልናል። ጣፎ ሱቃችን ድረስ መጥታችሁ የተናገራችሁም አላችሁ። የታገዱ ገጾችን እንድትከፍቱበት የምናቀርብላችሁ የቪፒኤን መግቢያ አድራሻ ለምን ይቀያየራል? እንደ ድሮው ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ ለምን አይለጠፍም? ዋጋውስ ለምን ጨመረ? ሥራችሁ ስለተስተጓጎለ ይቅርታ እንጠይቃለን። ውሳኔውን ግን አንቀይረውም፤ ምክንያቱን ቁጭ ብዬ ላስረዳችሁ።

«ገንዘባችንን ተቀብላችሁ አድራሻ ትደብቁናላችሁ» ያለን ደንበኛ አለ። እውነቱን ልናገር፣ አሞኛል። ይህን ቤት በአንድ ፎቶ ኮፒ ማሽን ስንጀምር ከመጡልን መካከል ብዙዎቻችሁ ዛሬም አብራችሁን አላችሁ። ያኔ የትምህርት ማስረጃችሁን ኮፒ ታደርጉ ነበር፤ ዛሬ ከቤታችሁ ሆናችሁ ውጭ አገር ላለ አሠሪ ትተረጉማላችሁ፣ ቪዲዮ ታቀናብራላችሁ። ከእናንተ የምንደብቀው ነገር ቢኖር ለእናንተው ስንል ነው።

በጣም የተደጋገመው ጥያቄ «ቪፒኤኑ የተመሰጠረ ከሆነ እንዴት ይታገዳል?» የሚለው ነው። ጥሩ ጥያቄ ነው። ስልካችሁ አንድ ገጽ ሲከፍት መረጃው በትንንሽ ፓኬት ተቆራርጦ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፓኬት ላይ የሚሄድበት ሰርቨር አይፒ አድራሻ አለ። መንገድ ላይ ያሉት ራውተሮች አድራሻውን ካላነበቡ ወዴት እንደሚያስተላልፉት አያውቁም፤ ስለዚህ እሱን መሸፈን አይቻልም። ማገድ የፈለገ ኔትወርክም የሚጠቀመው ይህንኑ ነው። የተከለከሉ አድራሻዎችን ዝርዝር ራውተሩ ላይ ያስገባል፣ ወደ እነሱ የሚሄድ ፓኬት ሲመጣ ይጥለዋል። በቃ። ውስጡን ማንበብ አያስፈልገውም፣ «ከልክያለሁ» ብሎም አይመልስም። እናንተ ጋ ገጹ ሲዞር ሲዞር ይቆይና `ERR_CONNECTION_TIMED_OUT` ይላል።

ቪፒኤን የሚያደርገው የምትፈልጉትን ገጽ አድራሻ ከነይዘቱ መስጥሮ በሌላ ፓኬት ውስጥ መክተት ነው። ከላይ የሚነበበው የእኛ ሰርቨር አድራሻ ብቻ ይሆናል። ኬላ ላይ የደረሰ ሸራ የለበሰ የጭነት መኪና አስቡ፤ ጭነቱ አይታይም፣ የሚሄድበት ከተማ ግን መንገድ ወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ስለዚህ ምስጠራው ምን እንደምትሠሩ ይደብቃል፣ ወደ እኛ እንደምትመጡ ግን አይደብቅም። የእኛ አድራሻ ዝርዝሩ ውስጥ የገባ ዕለት ምስጠራው ምንም ጠንካራ ቢሆን ሁላችሁም በአንዴ ትቋረጣላችሁ።

የሆነውም ይኸው ነው። አድራሻው ግሩፓችን ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ከዚያ ወደ ሌላ ብዙ ሰው ወዳለበት ቻናል ተላለፈ። ማንንም አልወቅስም፣ ጓደኛውን ሊረዳ ያሰበ ሰው ነው። ብዙም ሳይቆይ ስልካችን መጮህ ጀመረ። መጀመሪያ ሰርቨሩ ወድቆ ይሆናል ብለን አየነው፤ ይሠራል። ሌሎች ገጾች ጣፎ ላይ በዋይፋይም በሞባይል ዳታም ይከፈታሉ፣ የእኛ ብቻ እምቢ አለ። ናይሮቢ ያለ ዘመዳችን ያንኑ አድራሻ ሲሞክር ወዲያው ገባ። ሰርቨሩ ላይ ሆነን የሚደርሱትን ፓኬቶች ስንከታተል ደግሞ ከእኛ ሱቅ የተላከ አንድም አልደረሰም። ሰርቨሩ ደህና ሆኖ፣ ከውጭ እየተከፈተ፣ ከዚህ የተላከው መንገድ ላይ ከቀረ፣ አድራሻው ታግዷል ማለት ነው። የእኛ ፕሮግራም ብቻ ቆሞ ቢሆን ኖሮ አብዛኛውን ጊዜ ሰርቨሩ ራሱ እምቢታውን ይመልስና `ERR_CONNECTION_REFUSED` የሚል ታያላችሁ። ልዩነቱን ብታውቁት ለእናንተም ለእኛም ይጠቅማል።

ለሁሉም የሚለጠፍ አድራሻ ለሚያግደውም ይለጠፋል። ይህ የእኛ ፈጠራ አይደለም። እንደ ቪፒኤን እገዳን ለማለፍ የሚጠቅመው ቶር የሚባለው አገልግሎት የሰርቨሮቹን ዝርዝር ለሕዝብ ክፍት አድርጎ ያወጣል፤ ቻይና ዝርዝሩን ወስዳ አገደችው። የቶር ሰዎች እንዲህ ላለው እገዳ ብለው ዝርዝሩ ውስጥ የሌሉ፣ ለጠየቀ ሰው ጥቂት ጥቂት እየተደረጉ የሚሰጡ ድልድይ የሚባሉ መግቢያዎችን አዘጋጅተዋል። እኛም በአቅማችን ያንን እያደረግን ነው። ደንበኞቻችንን በትንንሽ ቡድን ከፍለናል፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ መግቢያ አለው። አንዱ ቢታገድ የሚቋረጠው ያ ቡድን ብቻ ነው፣ አዲስ አድራሻም ለእነሱ ብቻ እንልካለን። ጎረቤታችሁ ሲሠራለት የእናንተ ካልሠራ አድልዎ አይደለም።

ዋጋውን በተመለከተ። ድሮ አንድ ሰርቨር ነበረን፣ መግቢያውም መውጫውም እሱው። አድራሻውን ስንቀይር የውጭ አሠሪዎቻችሁ ድረ ገጽ «ከማናውቀው ቦታ ገባችሁ» እያለ ማረጋገጫ ይጠይቃችሁ እንደነበር ታስታውሳላችሁ። አሁን ለየናቸው። እናንተ የምትገቡባቸው ሰርቨሮች ይቀያየራሉ፣ እነሱ ደግሞ በተመሰጠረ መስመር ለአንድ ቋሚ መውጫ ያስተላልፋሉ። አሠሪያችሁ የሚያየው ያንን ቋሚ አድራሻ ነው። ሁሉም ኪራይ በዶላር ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ሥርዓት ከተለወጠ ወዲህ አንድ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ሰርቨሮቹም ከአንድ በላይ ሆነዋል። የጨመርነው ግን ወጪው የጨመረውን ያህል አይደለም፤ የቀረውን ከኪሳችን ነው የምንሸፍነው፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ለጄኔሬተር የምናወጣውን ሳልቆጥር።

ይህ ሁሉ የማይፈታው ነገርም አለ። ሰኔ 2012 መጨረሻ እንደሆነው ኢንተርኔቱ ከነጭራሹ ሲቋረጥ ፓኬቱ የሚሄድበት መንገድ ራሱ የለም፤ ያኔ እኛም ማንም ቪፒኤን ሻጭም ምንም ማድረግ አንችልም። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ የተገደቡበት ጊዜ ግን ሌላ ነው፤ መስመሩ ነበር፣ የተዘጉት የተወሰኑ አገልግሎቶች ነበሩ። ልንረዳችሁ የምንችለው እንዲህ ባለው ጊዜ ነው። ደግሞም አንዳንድ ኔትወርክ አድራሻ ብቻ ሳይሆን የአላላኩን ቅርጽ ያያል። ለምሳሌ ዋየርጋርድ የሚባለው የቪፒኤን ዓይነት ሲጀምር የሚልከው የመጀመሪያ መልእክት ሁልጊዜ 148 ባይት ነው፣ ስለዚህ በቀላሉ ይለያል። መስመራችንን ተራ ድረ ገጽ በሚጠቀምበት በ443 ፖርት፣ እንደማንኛውም የተመሰጠረ ገጽ እንዲመስል ያደረግነው ለዚህ ነው። ትንሽ ዘገየ ያላችሁት ልክ ናችሁ፤ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው፣ ሌላው በሁለት ሰርቨር ማለፋችሁ።

አሁን የምለምናችሁ ሁለት ነገር ነው። የተላከላችሁን አድራሻ ለሌላ አታስተላልፉ፤ ጓደኛችሁ ከፈለገ ወደ እኛ ላኩት፣ የራሱን እንሰጠዋለን። ሲቋረጥባችሁ ደግሞ ከመቆጣታችሁ በፊት ሰዓቱን፣ በዋይፋይ ወይስ በዳታ እንደሆነ፣ ሌላ ገጽ ይከፈት እንደሆነና ስክሪኑ ላይ የወጣውን ጽሑፍ ላኩልን። እነዚህን ካገኘን አድራሻው ታግዶ ይሁን ሰርቨሩ ወድቆ ቶሎ እንለያለን።

አሮጌው አድራሻ ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ይዘጋል። አዲሱ በየስልካችሁ በግል ይደርሳችኋል፤ ማስተካከሉ ያስቸገራችሁ ሱቅ ብቅ በሉ፣ በነፃ እንሠራላችኋለን። በዚህ አካሄድ መቀጠል ያልፈለገ ደንበኛ የቀረውን ወር ሒሳብ እንመልስለታለን። ብትቆዩልን ግን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ ባለቤት፣ ጣፎ