እማዬ፣ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር እንዳትተኚ

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ሆዴ ገፍቷል፣ ሐኪሟም ሁሉ ነገር ደህና ነው ብላኛለች። ትናንት ስንደዋወል ግን ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር። «ትንሽ ጉንፋን ናት» ብለሽ አለፍሽው፤ እኔ ግን ወደ እኔ ልትበሪ ስለሆነ ሌሊቱን ሳስበው አደርኩ። ከነጉንፋን አውሮፕላን መሳፈር ምን እንደሚያመጣ በራሴ አይቼዋለሁ።

የዛሬ 4 ዓመት ስመጣ አፍንጫዬ ድፍን ብሎ ነበር። ዋሽንግተን ልንደርስ ስንል ተኝቼ፣ ግራ ጆሮዬን በወስፌ የተወጋሁ ያህል አሞኝ ባነንኩ። ደንግጬ አፍንጫዬን ይዤ ትንፋሼን ባለ በሌለ ኃይሌ ወደ ጆሮዬ ገፋሁት። ጆሮዬ አልተከፈተም፤ ጭራሽ አዞረኝ። ለ8 ቀን ሰው ሲያናግረኝ ጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የሚያወራ ይመስለኝ ነበር። ሐኪሙ በመብራት አይቶ ከታምቡሩ ጀርባ ደም የቀላቀለ ውሃ ተጠራቅሟል አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጆሮ ታምቡር ጀርባ አየር የያዘ ትንሽ ክፍተት አለ። ከዚያ ወደ አፍንጫችን ጀርባ የሚወርድ ቀጭን ቱቦ አለ፤ ሐኪሞች ኤውስታሺያን ቱቦ ይሉታል። ስንውጥና ስናዛጋ ለአፍታ ይከፈትና አየር ያስገባል። ጉንፋን ሲይዘን ግን ያብጣል። ባዶ ሃይላንድ አየር ላይ ሳለሽ ክዳኑን ጥብቅ አድርጊና ስታርፊ እዪው፣ የውጭው አየር ተጭኖት ጭምድድ ብሎ ታገኚዋለሽ። ቱቦው ካልተከፈተ ታምቡርሽም እንደዚያ ወደ ውስጥ ይሳባል፣ ሕመሙም ከዚያ ነው።

ከአዲስ አበባ ስትነሺ ብዙም ላይሰማሽ ይችላል፤ አውሮፕላኑ ከፍ ብሎ ሲበር ውስጡ ያለው አየር ከአዲስ አበባው ብዙ አይለይም። የዋሽንግተኑ ማረፊያ ግን ከባሕር ጠለል 100 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ያለ ነው። ያንን ሁሉ ቁልቁለት ጆሮሽ በመጨረሻው ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወርደዋል።

ስለዚህ ካፒቴኑ መውረድ ጀምረናል ሲል መንቃት አለብሽ። ከጎንሽ ለተቀመጠው ሰው ቀስቅሰኝ በዪው። እስኪያምሽ አትጠብቂ፤ የውጭው ግፊት አንዴ ከበረታ ቱቦው ተጣብቆ በመዋጥ ብቻ አይከፈትም። ውሃ ቀድመሽ ጠይቂና ይዘሽ ቆዪ፣ ጎማው መሬት እስኪነካ ድረስ ጎንጨት እያልሽ ዋጪ። ቆሎሽንም ያኔ ቆርጥሚ፣ ማኘኩ ይረዳል። ካልተከፈተ አፍንጫሽን በሁለት ጣትሽ ያዢና ምራቅሽን ዋጪ። እሱም እምቢ ካለ አፍሽን ዘግተሽ፣ አፍንጫሽን እንደያዝሽ፣ ሻማ እንኳ በማያጠፋ ትንፋሽ ቀስ ብለሽ ወደ ጆሮሽ ግፊ፤ ከ5 ሰከንድ አይለፍ። ቷ ሲል በቃ ተዪው። እንደ እኔ በኃይል ከገፋሽው የውስጥ ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ንፍጥ ካለሽ ደግሞ በፊት ቀስ ብለሽ አንድ በአንድ ቀዳዳ ተናፈጪ፣ አለዚያ ንፍጡን ወደ ጆሮሽ ትገፊዋለሽ። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ነዳጅ ሊቀዳ ካረፈም ይሄንኑ አድርጊ።

አፍንጫ የሚከፍተውን የሚረጭ መድኃኒት ሰው ስለመከረሽ ብቻ እንዳትገዢ። የደም ግፊት ስላለብሽ ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አይሆንም። እሱ ከፈቀደልሽም ከመውረዱ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብለሽ ነው የምትጠቀሚው፣ ከ3 ቀን በላይም አይወሰድም።

ከማርቆስ ወደ አዲስ አበባ ስትመጪ አባይ በረሃ መለማመጃ ይሁንሽ። ከደጀን እስከ ድልድዩ ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከመጀመሪያው ኩርባ ጀምረሽ ዋጪ። በጣም ካመመሽ ሾፌሩን አስቁሚው፣ እዚያው ቆመሽ እስኪከፈት ሞክሪ። አውሮፕላን ይሄ የለውም። እየዋጥሽም አባይ ላይ ካልተከፈተ፣ በዚያ ጉንፋን እንዳትበሪ። ቀኑን እናስቀይራለን፣ ክፍያው የኔ ነው። ልጁ 3 ቀን ብትዘገዪበት አይቀየምሽም።

ካረፍሽ በኋላ ጆሮሽ ለአንድ ሁለት ቀን ድፍን ቢል አትደንግጪ፣ አብዛኛውን ጊዜ ራሱ ይለቃል። ደም ወይም ፈሳሽ ከወጣ፣ ካዞረሽ፣ ወይም መስማት ካቃተሽ ግን ወዲያው ንገሪኝ፣ ሐኪም ቤት እወስድሻለሁ። ጤና አዳም ጨምቀሽ ወይ ዘይት አሙቀሽ እንዳትጨምሪበት። ችግሩ ከታምቡሩ ጀርባ ነው፣ አይደርስበትም፤ ታምቡሩ ተቀድዶ ከሆነ ደግሞ ወደ ውስጥ ይገባል።

ጎሃ ጽዮን እንደወጣሽ ደውዪልኝ፣ ጆሮሽ እንዴት እንደሆነ ልስማ። ስልኬን ይዤ እጠብቃለሁ።

ልጅሽ፣ ከሜሪላንድ