ሰላም ብቻ ነበር ያልከኝ

ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ
ጥቅምት 12

ይድረስ ለወንድሜ፣

እንደምን ከርመሃል? እናትህ፣ ባለቤትህ፣ ልጅህ ደህና ናቸው?

ከዚህ ሁሉ ዝምታ በኋላ ደብዳቤዬን ስታይ «ደግሞ ምን ፈልጎ ነው?» ብትል አልፈርድብህም። እውነትህንም ነው፤ ጉዳይ አለኝ፤ ከታች እነግርሃለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ ጥፋቴ።

ከሁለት ዓመት ተኩል በፊት «ሰላም ነው? ጠፋህ እኮ» ብለህ ጽፈህልኝ ነበር። አይቼ ዝም አልኩ። በዚያ ሰሞን እንዲህ ብሎ የሚጀምር መልእክት ሁሉ በሦስተኛው ቀን ገንዘብ ይጠይቅ ስለነበር አንተንም ከእነሱ ቆጠርኩህ። ባለፈው ወር እህቴ ነገረችኝ፤ ለካስ ልጅ ተወልዳልህ ልታበስረኝ ኖሯል። እንዴት እንዳፈርኩ አልነግርህም።

እዚያ ያደረሰኝ አብሮን የተማረ አንድ ሰው ነው፤ ስሙን ተወው። አራት ዓመት ድምፁን ሳልሰማ ቆይቼ ማክሰኞ ማታ ስለ ጤንነቴ ጠየቀኝ፤ ሐሙስ ለልጁ ትምህርት ቤት ምዝገባ ብድር ጠየቀኝ። «እሺ፣ እናያለን» አልኩት። በእኔ ልብ «እናያለን» ማለት እምቢታን በጨዋነት መሸፈን ነው። ገንዘብ የቸገረው ሰው ግን ተስፋ አድርጎ ይይዘዋል። እሱም ሌላ ሰው ሳይጠይቅ እኔን ሲጠብቅ የምዝገባው ቀን አለፈበት። እኔ ደግሞ ማየቴ እንዳይታወቅ መልእክቱን ሳልከፍት መተው ጀመርኩ። ከመኪና ማቆሚያው ሥራ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ስወጣ እናንተ ዘንድ ሊነጋ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው፤ ስልኬ መንጫጫት የሚጀምረውም ያኔ ነው። ቀስ በቀስ ያለ ልዩነት ሁሉንም ዘጋሁ። ሰዎቹ መጠየቃቸው አልነበረም ያስመረረኝ፤ እምቢ ማለት ስላቃተኝ ነው።

አሁን በየወሩ መቶ ዶላር ለብቻው አስቀምጣለሁ። ሰው «ሰላም ነው?» ሲለኝ «ደህና ነኝ፤ ጉዳይ ካለህ ሳትሳቀቅ አሁኑኑ ንገረኝ፤ ከሌለህ ደግሞ እንጫወት» ብዬ እመልሳለሁ። የሦስቱን ቀን ዙሪያ ጥምጥም ለሁለታችንም ያስቀራል። መልሴን በዚያው ቀን፣ ልኩን ጠቅሼ እሰጣለሁ፦ «ይህን ያህል አለኝ፤ አትመልሰውም፤ ከዚህ በላይ አልችልም።» ብድር የሚባለውን ትቻለሁ። መክፈል ያቃተው ሰው እኔን መሸሽ ይጀምራል፤ ገንዘቡም ሰውዬውም ይጠፉብኛል። የወሩ ካለቀ አልቋል እላለሁ። የቤት ኪራይ ጨመረብኝ፣ ታምሜ ነበር እያልኩ ሰበብ አልፈጥርም፤ ውሸት ደግሞ በኋላ ማስታወስን ይጠይቃል።

ሁሉም አይቀበለውም። አንዱ የግብዣ ደብዳቤ ጻፍልኝ አለኝ። ጻፍኩለት፤ ነገር ግን ቪዛውን ደብዳቤዬ እንደማያስገኝለት፣ ቆንስሉ የሚመዝነው እሱ ራሱ ወደ አገሩ እንዲመለስ የሚያስገድደው ሥራና ኑሮ ያለው መሆኑን እንደሆነ አስረዳሁት። ሲከለከል እኔን ረገመኝ። ይርገመኝ።

ያ የትምህርት ቤቱ ሰው በነሐሴ ተመልሶ መጣ። ከወሩ ስልሳ ዶላር ቀርታኝ ነበርና እሷኑ በዕለቱ ላክሁለት፤ የጎደለውን ከወንድሙ ሞላ። አመሰገነኝና ጠፋ። ዱሮ ቢሆን አቄም ነበር። ባለፈው ሳምንት እኔው ደወልኩለት።

«ምነው? ደህና ነህ?» አለኝ በድንጋጤ።

«ደህና ነኝ። ልጁ ትምህርቱን እንዴት ያዘው ብዬ ነው።»

ዝም አለ። ከዚያ፣ «ስንት ጊዜ ልደውልልህ አስቤ ነበር መሰለህ» አለኝ፤ «ሰላም ብልህ፣ ደግሞ ሊጠይቀኝ ነው ትላለህ ብዬ ተውኩት።»

ስልኩን ዘግቼ ወዲያው ያሰብኩት አንተን ነው።

እንግዲህ ጉዳዬ ይህ ነው። እናቴ ኅዳር 26 ለዐይኗ አዲስ አበባ ቀጠሮ አላት። እህቴ ሐዋሳ ስለሆነች በዚያ ቀን አትደርስላትም፤ ደግፎ የሚወስዳት ሰው የለም። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከቤት ይዘሃት መሄድ ትችላለህ? ሥራ ካለብህ፣ ወይም ከእኔ ዝምታ በኋላ ልብህ እምቢ ካለህ፣ እንደዚያው ብለህ ጻፍልኝ፤ ሌላ ሰው እፈልጋለሁ። «እናያለን» ብቻ እንዳትለኝ።

እሺም በል እምቢ፣ የልጅህን ስም ጻፍልኝ። እህቴን ለመጠየቅ አፍሬ ነው።

ወንድምህ