ለደንበኞቻችን፦ ስለ ዓመታዊ የኪራይ ጭማሪ አሰላል

ውድ ደንበኞቻችን፣

ስታዲየምና ሜክሲኮ አካባቢ በምናስተዳድራቸው ሕንጻዎች ሱቅና ቢሮ ከተከራያችሁት ብዙዎቻችሁ ውላችሁን ለ5 ዓመት ልታድሱ ነው። በረቂቁ ላይ ሁለት የጭማሪ አማራጭ ሰፍሯል፤ አንዱ በየዓመቱ 10 በመቶ፣ ሌላው በሸማቾች ዋጋ ኢንዴክስ የሚስተካከል። ሰሞኑን ቢሮ የመጣችሁ ሁሉ «የትኛው ይሻለናል?» ትሉናላችሁ። ከመምረጣችሁ በፊት ስሌቱን አብረን ብናየው ይሻላል።

ለምሳሌ 80 ካሬ ሱቅ በካሬ 900 ብር እንውሰድ። የወር ኪራዩ ቫት ሳይጨመር 72,000 ብር ነው።

በቋሚው 10 በመቶ ሁለተኛው ዓመት 79,200 ብር ይሆናል፤ እስከዚህ ማንም አይከራከርም። ክርክሩ የሚመጣው ከሦስተኛው ዓመት ጀምሮ ነው። 10 በመቶው «በቀድሞው ዓመት ኪራይ ላይ» ከተባለ ጭማሪው በጭማሪ ላይ እየተደራረበ በአምስተኛው ዓመት ወሩ 105,415 ብር ይደርሳል። «በመነሻው ኪራይ ላይ» ከተባለ ግን በየዓመቱ 7,200 ብር ብቻ ስለሚታከል 100,800 ላይ ይቆማል። ልዩነቱ በዚያ ዓመት ብቻ ከ55,000 ብር በላይ ነው። «በየዓመቱ 10 በመቶ ይጨምራል» ብሎ ዝም የሚል ውል ሁለቱንም ወገን ለክርክር ይዳርጋል። የእኛ ረቂቅ የሚለው «በቀድሞው ዓመት ኪራይ ላይ» ነው፤ ስትፈርሙ ይህን እያወቃችሁ ይሁን።

ኢንዴክሱን የሚያወጣው የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት ነው፤ በየወሩ ያወጣዋል። የምግብና ምግብ ነክ ያልሆኑ ዕቃዎች ለየብቻቸው፣ ጠቅላላው ደግሞ በአንድ ላይ ይገለጻል። እኛ የምንጠቀመው ጠቅላላውን ነው። ውሉ የሚታደሰው መስከረም ላይ ስለሆነና የነሐሴው ቁጥር በጊዜ ላይደርስልን ስለሚችል፣ የሰኔን ወር ከአምናው ሰኔ ጋር እናነጻጽራለን።

አሁን በምሳሌ ቁጥር እንሂድ፤ እውነተኛ የኢንዴክስ ቁጥሮች አይደሉም፣ ለስሌት እንዲመቹ የተመረጡ ናቸው። ውሉ ሲፈረም ኢንዴክሱ 200 ነበር፤ በዓመቱ 230 ሆነ። 230ን ለ200 ስናካፍል 1.15 ይመጣል፤ ስለዚህ ጭማሪው 15 በመቶ፣ ኪራዩም 82,800 ብር ነው። እዚህ ላይ አንድ ነገር እንናዘዝ። ከዚህ ቀደም ከእኛው ቢሮ በወጣ አንድ ደብዳቤ የነጥቡ ልዩነት እንደ መቶኛ ተቆጥሮ ነበር። በዚህ ምሳሌ ቢሆን ኖሮ 30 ነጥቡ 30 በመቶ ተብሎ ተከራዩ 93,600 ብር ይጠየቅ ነበር ማለት ነው። ስህተቱን ያገኘው ራሱ ተከራዩ ነው፤ ደብዳቤውን ሽረን ሌላ ጻፍንለት። ከእንግዲህ የጭማሪ ደብዳቤያችን ላይ ሁለቱም የኢንዴክስ ቁጥሮች ከነወራቸው ስለሚጻፉ ማካፈሉን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ብዙዎቻችሁ «ግሽበቱ ከወረደ ኪራዩም ይወርዳል አይደል?» ብላችሁናል። አይወርድም። ግሽበት ከ15 ወደ 10 በመቶ ወረደ ማለት ዋጋ የሚጨምርበት ፍጥነት ቀነሰ ማለት እንጂ ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም። ኪራይ የሚወርደው ኢንዴክሱ ራሱ ከአምናው ሲያንስ ነው፤ ያኔም ቢሆን ረቂቁ ወለል ስላለው ኪራዩ ባለበት ይቆያል። ይህ አንቀጽ ለባለሕንጻው የሚያደላ መሆኑን አንደብቅም።

ለእናንተ የሚያደላው ደግሞ 12 በመቶ ጣሪያው ነው፤ ዋናው ጥያቄ ያለውም እሱ ጋ ነው። ከላይ 15 በመቶ የመጣው ጭማሪ በጣሪያው ምክንያት 12 ላይ ይቆምና ኪራዩ 80,640 ብር ይሆናል። በሚቀጥለው ዓመት ኢንዴክሱ ከ230 ወደ 253፣ ማለትም በ10 በመቶ፣ ወጣ እንበል። ጣሪያው ያስቀረው ቀሪ ተሰርዟል ከተባለ 80,640 ላይ 10 በመቶ ታክሎ 88,704 ብር ይከፈላል። ቀሪው ይጠበቃል ከተባለ ግን ስሌቱ ወደ መነሻው ይመለሳል፦ 72,000 በ253 ተባዝቶ ለ200 ሲካፈል 91,080 ይመጣል። ይህም ከ12 በመቶ ስለሚያልፍ 90,316 ብር ከ80 ሳንቲም ላይ ይቆማል። ስለዚህ ግሽበቱ ረገብ ባለበት ዓመት እንኳ ተከራዩ ሙሉውን 12 በመቶ ይከፍላል። በወር ከ1,600 ብር፣ በዓመት ከ19,000 ብር በላይ ልዩነት ነው።

የመጀመሪያው ረቂቃችን ስለዚህ ምንም አይልም ነበር። ከባለሕንጻዎቹ ጋር ተነጋግረን «በጣሪያው ምክንያት ያልተከፈለ ጭማሪ ወደሚቀጥለው ዓመት አይተላለፍም» የሚል ዓረፍተ ነገር አስገብተናል። የቀድሞውን ረቂቅ የወሰዳችሁ እባካችሁ መልሱልንና አዲሱን ውሰዱ።

የእኛን አስተያየት ለጠየቃችሁ፦ የምትሸጡበትን ዋጋ በየጊዜው ማስተካከል የማትችሉ፣ ለምሳሌ በዓመት ኮንትራት የምትሠሩ ቢሮዎች፣ ቋሚው 10 በመቶ ለበጀት ይመቻችኋል። ዋጋችሁ ከገበያው ጋር አብሮ ለሚሄድ ሱቆች ኢንዴክሱ ከነጣሪያው ብዙም አያስፈራም።

ምርጫችሁን በጽሑፍ አሳውቁን። ስሌቱን በራሳችሁ ኪራይ ማየት ለምትፈልጉ ከሰኞ እስከ ዓርብ ከሰዓት በኋላ የሒሳብ ክፍላችን ይጠብቃችኋል፤ የቀድሞ ውላችሁን ይዛችሁ ኑ።

ከአክብሮት ጋር፣
የኪራይ አስተዳደር ክፍል