የሚኒ ሚዲያ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ፎቶው ምን ያሳያል? ከየትስ መጣ?

ዘንድሮ ክበባችን 34 አባላት ነበሩት። ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት ሰልፍ ላይ ዜና አንብበናል። በእረፍት ሰዓት ሙዚቃና ግጥም አቅርበናል። የወላጆች ቀንንም እንደ ወትሮው መድረክ መርተናል። ስብሰባዎቻችን ቃለ ጉባኤ አላቸው፤ ማየት የሚፈልግ መጥቶ ይይ። እኔ ግን ይህን ገጽ ለአንድ ሥራ ብቻ ላውለው ነው። በዓመቱ ውስጥ «ሚኒ ሚዲያ ዜና ያነባል እንጂ ስልክ ምን ያደርግለታል?» ብለው የጠየቁኝ ባልደረቦች ነበሩ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ስልክ በግቢያችን ክልክል እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። የእኔን ስልክ ለምን በክበቡ ክፍል ውስጥ ለተማሪዎች እንደሰጠሁ ላስረዳ።

የጀመርነው በስህተት ነው። ኅዳር ላይ ልጆቹ ከቴሌግራም ያገኙትን የአንድ አሮጌ ሕንፃ ፎቶ ለማስታወቂያ ሰሌዳ አዘጋጁ። ፎቶውን ለኤአይ ሰጥተው «ከየት የተወሰደ ነው?» አሉት። የድረ ገጽ ስምና ቀን ጭምር ሰጣቸው። እኛም ጽፈን ለጠፍነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ አድራሻውን ሊከፍት ሞከረ። እንዲህ ያለ ገጽ የለም። በማግስቱ ጠዋት ሰሌዳው ላይ እርማት ለጠፍን። አፍረናል። ከዚያ በኋላ ግን ክበቡ አንድ ጥያቄ ያዘ፤ ኤአዩ ፎቶውን ጥሩ አድርጎ ገልጾት ሳለ መነሻውን እንዴት ሳተ?

ይህን ለልጆቹ ያስረዳኋቸው በበግ ነው። ደብረ ብርሃን ገበያ የሚውል ነጋዴ በጉን አንዴ አይቶ፣ ጸጉሩን ዳብሶ፣ ላቱን መዝኖ «ይሄ የመንዝ በግ ነው» ይላል። ብዙ በግ ስላየ ነው የሚያውቀው። «የማን በረት በግ ነው?» ብትሉት ግን ከበጉ ላይ የሚያነበው ነገር የለም። ያን ለማወቅ ከማን ተገዛ፣ ማንስ ነድቶ አመጣው እያሉ ወደ ኋላ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ፎቶ የሚያይ ኤአይ እንደ ነጋዴው ነው። ፎቶውን በትናንሽ ቁራጮች ይከፋፍላል፣ ወደ ቁጥር ይቀይራል፣ ከዚያ በሥልጠናው ካያቸው እጅግ ብዙ ምስሎች በተማረው ልክ «ተራራ፣ አስፋልት፣ ሰዎች» ይላል። የተማረባቸውን ፎቶዎች ከነአድራሻቸው መዝግቦ አልያዘም። «የት ነው?» ስትሉት የሚመልሰው እንዲህ ያለ መልክ አብዛኛውን ጊዜ ከየት እንደሚመጣ ነው። በምስል መፈለግ፣ እንደ ጎግል ሌንስና እንደ ቲንአይ ያለው፣ ሌላ ሥራ ነው። እሱ የፎቶውን አሻራ ይወስድና ከድረ ገጾች ለቅሞ ካከማቻቸው ምስሎች አሻራ ጋር ያስተያያል። የሚሰጣችሁም ያው ፎቶ ወይም የሚመስለው ፎቶ የወጣባቸውን ገጾች ነው። ዋና ሥራው ፎቶው ምን ማለት እንደሆነ መንገር አይደለም። የት የት እንደታየ ማሳየት ነው።

አሁን ወደ ጥር ልሂድ።

የአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ የመሬት መንቀጥቀጥ የሰሞኑ ወሬ የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። ንዝረቱ እኛም ጋ ተሰምቷል። በእነዚያ ቀናት አንድ ፎቶ በየቴሌግራሙ ዞረ። ጥልቅ ስንጥቅ መሬቱን ለሁለት ከፍሎታል፣ መንገዱንም ቆርጦታል። ሰዎች ከዳርና ከዳር ቆመው ወደ ውስጥ ያያሉ። ከሥሩ «ሸዋ ሮቢት አቅራቢያ ዛሬ ጠዋት» ተብሎ ተጽፏል።

አንዲት የ10ኛ ክፍል አባላችን ያን ቀን ሐሙስ ከሰዓት ዓይኗ አብጦ መጣች። አያቷ የሚኖሩት ሸዋ ሮቢት ነው። ቤተሰቡ ፎቶውን አይቶ ሌሊቱን ሳይተኛ አድሯል። አባቷ አያቷን ወደ ደብረ ብርሃን ለማምጣት መኪና ሊኮናተሩ ብር እየተበደሩ ነበር። አያቷ ደግሞ «ከቤቴ አልወጣም» ብለዋል። ልጅቷ ስልኬን ተቀበለችኝና «ቲቸር፣ ይሄን እንፈልገው» አለችኝ።

መጀመሪያ ለኤአዩ ሰጠችው። የሰጠው መግለጫ ጥሩ ነበር። ረጅም የመሬት ስንጥቅ፣ ግራጫ ልቅ አፈር፣ የተቆረጠ መንገድ፣ የተሰበሰቡ ሰዎች አለ። አካባቢው ምሥራቅ አፍሪካ ስምጥ ሸለቆ ሊሆን እንደሚችልም ጨመረ። ከዚያ የፎቶውን ጽሑፍ አብራ ላከችለትና «ሸዋ ሮቢት ነው?» አለችው። «ከጽሑፉ ጋር ይስማማል» አላት። ፊቷ ጠቆረ። እዚህ ላይ አስቆምኳት። ኤአዩ ሸዋ ሮቢት የሚለውን ያገኘው ከፎቶው ላይ አይደለም፣ ራሷ ከነገረችው ጽሑፍ ነው። ጽሑፉን ደብቃ በአዲስ መስኮት ብቻውን ስትሰጠው ሸዋ ሮቢትን አልጠራም።

ቀጥሎ ፍለጋው። መጀመሪያ ምንም አላገኘንም። ምክንያቱ ቀላል ነበር፤ የያዝነው የስልክ ስክሪን ሹት ነው። ከላይ የባትሪ ምልክት፣ ከታች የቻናሉ ስምና ጽሑፉ አለበት። ፈላጊው ይህን ሁሉ እንደ ፎቶው አካል ይወስደዋል። ዳር ዳሩን ቆርጣ ፎቶውን ብቻ አስቀረች። እንደገና በጎግል ሌንስ ሰጠችውና Exact matches የሚለውን ነካች። ገጾች ተደረደሩ። በቲንአይም ሞከርነው፣ ውጤቱንም Oldest በሚለው ደረደርነው። የቆዩት ገጾች እ.ኤ.አ. መጋቢት 2018 አካባቢ የወጡ ነበሩ። በእኛ መጋቢት 2010 ዓ.ም. ማለት ነው።

እዚያ አላቆመችም፣ ኩራቴም እዚህ ላይ ነው። የገጹ ቀን ፎቶው የተነሳበት ቀን እንዳልሆነ ከኅዳሩ ስህተታችን በኋላ ተምረናል። ቀኑ የሚነግረን ፎቶው ቢያንስ ያኔ እንደነበረ ነው። ለእኛ ጥያቄ ግን ይህ ይበቃል፤ በ2010 የነበረ ፎቶ በ2017 «ዛሬ ጠዋት» ሊነሳ አይችልም። ሦስት ገጽ ከፈተች። ሦስቱም ኬንያ ይላሉ፤ ከማይ ማሂዩ ወደ ናሮክ የሚወስደው መንገድ፣ ሱስዋ አካባቢ። ከዚያ ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን አድርጋ አስተያየቻቸው። የስንጥቁ መታጠፊያ፣ የቆሙት ሰዎች አቀማመጥ፣ የደመናው ቅርጽ አንድ ነው። ያኔ በኬንያ ከባድ ዝናብ ጥሎ ነበር። ዓለም «አፍሪካ ለሁለት ልትከፈል ነው» ሲል አንዳንድ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ዝናቡ ልቅ የእሳተ ገሞራ አመድ አጥቦ ያወጣው ገደል ነው ብለው ነበር።

አባቷ ጋ ደወለች። የተናገረችው አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። «አባዬ፣ ፎቶው የኬንያ ነው። የሰባት ዓመት ነው። መንቀጥቀጡ ግን እውነት ነው፣ አያቴ ማታ ውጭ ትደር።» ይህን የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማንም አልነገራትም። በማግስቱ ሰልፍ ላይ ያነበብነውም የእሷን ቃል ይዞ ነው፤ ፎቶው የዚህ አይደለም ማለት መሬቱ አልተንቀጠቀጠም ማለት አይደለም።

ከዚያ በኋላ የፍለጋው ጉጉት በክበቡ ስለጸና፣ ሚያዝያ ላይ አንኮበር ስንሄድ ሌላ ፈተና አዘጋጀን። 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የመኪናውን ወላጆች ከፈሉልን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። ከከተማው ሳንደርስ ገደሉ ዳር ጭላዳዎች ሣር ይነጫሉ። አንድ ልጅ በካሜራው አነሳቸው። ይህ ፎቶ ከዚህ በፊት በዓለም ላይ የለም፤ የት፣ መቼ፣ በማን እንደተነሳ ሁላችንም እናውቃለን። ማታ ሁለቱንም ሞከርን።

ኤአዩ «ጭላዳዎች፣ ገደል፣ ሣር» ብሎ በትክክል ገለጸ። ቦታውን ግን ሰሜን ተራሮች አለ። የጭላዳ ፎቶ በብዛት የሚነሳው እዚያ ስለሆነ መሆን አለበት ብለን አሰብን። ፍለጋው ደግሞ አንድም ተመሳሳይ ፎቶ አላገኘም። ያሳየን ሌሎች ጭላዳዎችን ነው፣ ከመንዝ ጓሳም ነበሩበት። ልጆቹ «አልሠራም!» አሉ። ሠርቷል። ፎቶው ድረ ገጽ ላይ ስላልወጣ የሚገኝ ነገር የለም። በክበቡ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ ብቻ ተለጥፎ ከሁለት ሳምንት በኋላ ስንፈልገውም አልተገኘም። ስለዚህ አንድ ፎቶ በፍለጋ ስላልተገኘ ብቻ አዲስ ነው ማለት አይቻልም። በዝግ ቡድን ዓመት ሙሉ ሲዞር ከርሞ ሊሆን ይችላል። ፎቶውን ግራና ቀኝ ገልብጠው ሲለጥፉትም ፍለጋው አንዳንዴ ሳያገኘው ይቀራል፤ ስለዚህ ገልብጠን ሁለተኛ መሞከር ለምደናል።

አንድ ወላጅ «አሁን ያሉት ኤአዮች ኢንተርኔትም ይፈልጋሉ እኮ» ብለውኛል። ልክ ናቸው፣ የሚፈልጉ አሉ። እኛ የምንለየው እንዲህ ነው፤ የሰጠውን አድራሻ እንከፍታለን፣ ያው ፎቶ እዚያ ገጽ ላይ በዓይናችን ካየነው እንቀበላለን። ገጹ ካልተከፈተ ወይም ፎቶው እዚያ ከሌለ ግምት ነው። ኤአዩን ግን አልጣልነውም። የኬንያውን ፎቶ ስንመረምር «የመሬት ስንጥቅ» በእንግሊዝኛ በምን በምን ቃል እንደሚጠራ የነገረን እሱ ነው፤ የሥነ ምድር ባለሙያዎቹን አስተያየት ያገኘነው በእነዚያ ቃላት ፈልገን ነው።

ያልተሳካውንም ልናገር። በየካቲት ሦስት ሳምንት መብራት አልነበረንም ማለት ይቻላል። የ9ኛ ክፍል አባላትን ለማሠልጠን የያዝነው ዕቅድ ግማሹ ቀረ። በኮምፒውተር ክፍሉ ካሉት ውስጥ ኢንተርኔት የሚያገኘው አንድ ብቻ ነው፣ እሱም የአይሲቲ ክፍለ ጊዜ ሲኖር አይገኝም። ዓመቱን ሙሉ 34 ልጆች በእኔ ስልክ ነው የሠሩት። የዳታውንም ብር ከኪሴ ከፍያለሁ። ይህን የምናገረው እንዲመለስልኝ አይደለም። ለድምፅ ማጉያ ጥገና በጀት ሲያዝ፣ ለክበቡ ዳታ «ከክበባት ሥራ ጋር አይገናኝም» ተብሎ መቅረቱ ግን ትክክል አይመስለኝም። ድምፅ ማጉያው የሚያሰማው ዜና ከየት እንደመጣ የምናረጋግጠው በዳታው ነው።

ለ2018 የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የማይሠራበት ላፕቶፕ ያለው ወላጅ ወይም የቀድሞ ተማሪ ካለ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ያምጣልን። የወላጅ መምህራን ኅብረት የወር ዳታ ቢሸፍንልን ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉን ለማንም ተማሪ እንከፍታለን። የተጠራጠሩትን ፎቶ ይዘው ይምጡ፤ ስክሪን ሹት ሳይሆን ራሱን ፎቶውን። ያቺ የ10ኛ ክፍል ልጅ መስከረም ላይ አዲስ አባላትን ልታሠለጥን ተስማምታለች። አያቷም ለፋሲካ ደብረ ብርሃን መጥተው ነበር። ፎቶውን አሳይታቸው «ይሄ ነበር ያስለቀሰሽ?» አሏት።