ማስታወሻዬን ማስጠንቀቂያ ስላደረጋችሁት የቀረበ ቅሬታ

ባሕር ዳር
ሐምሌ 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጽሕፈትና ሰነድ ዝግጅት አገልግሎት ሥራ አስኪያጅ

ጉዳዩ፡ ለተከራይ ዋስ የጻፍኩት የመብራትና የውኃ ሒሳብ ማስታወሻ ሳልፈቅድ ይዘቱ ተቀይሮ ስለመድረሱ

ሽምብጥ አካባቢ ቤት አከራያለሁ። በሰኔ መጨረሻ በእጄ የጻፍኩትን አንድ ገጽ ማስታወሻ ይዤ ወደ ድርጅታችሁ መጥቼ ነበር። ያዘዝኩት ግልጽ ነው። አማርኛውን አስተካክላችሁ በኮምፒውተር ትጽፉታላችሁ፤ እኔ አንብቤ እፈርምበታለሁ፤ ከዚያ በመልእክተኛችሁ ለዋሱ ታደርሱታላችሁ። ደረሰኙ ላይም «ለባለጉዳይ ታይቶ የሚላክ» ተብሎ ተጽፏል። እኔ ሳላየው፣ ሳልፈርምበት ተላከ። የተላከውም የእኔ ማስታወሻ አልነበረም።

ነገሩን ያወቅኩት ዋሱ ራሳቸው ሲደውሉልኝ ነው። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። «ልጄ፣ ለልጁ ብዬ ፈረምኩ እንጂ ያንቺን ገንዘብ አልበላሁም» አሉኝ። ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ቅያሜ እስካሁን አልረሳሁትም። ቅጂውን ሳየው ቅያሜያቸው ትክክል መሆኑ ገባኝ።

ጉዳዩን ከሥሩ ላስረዳ። ተከራዩ ቤቱን ግንቦት 30 ለቀቀ። የመብራት ቆጣሪው ለብቻው ነው፤ ግን በእኔ ስም የተመዘገበ ነው። የውኃው ቆጣሪ አንድ ሲሆን ለሁለት ቤት ያገለግላል፤ በውላችን መሠረት ሒሳቡን እኩል እንካፈላለን። ቆጣሪ በባለቤቱ ስም ሲሆን አገልግሎት ሰጪው የሚያውቀው ባለቤቱን ነው። ተከራዩ ቢሄድም ዕዳው እዚያው ቆጣሪው ላይ ይቀራል። ካልተከፈለ ይቆረጣል፤ የሚቆረጠውም አሁን ቤቱ ውስጥ ባለው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ከኪሴ ከፈልኩና ተከራዩን ልጅ ጠየቅኩት። መጀመሪያ ተስፋ ሰጠኝ፤ በኋላ ስልክ ማንሳት አቆመ። ወደ ዋሱ ለመጻፍ የተገደድኩት ያኔ ነው።

አሁን ወደ ስህተቶቻችሁ ልግባ። የመጀመሪያው የወር ጉዳይ ነው። እኔ የጻፍኩት «የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት ወር የመብራት ፍጆታ» ብዬ ነበር። እናንተ «የሚያዝያ፣ የግንቦትና የሰኔ» አደረጋችሁት። ምናልባት ጸሐፊው የባንክ ደረሰኙን ቀን አይቶ ይሆናል። የግንቦት ቢል የሚመጣው በሰኔ ነው፤ የተከፈለውም በሰኔ ነው። ቢሉ የሚናገረው ግን ግንቦት ላይ ስለተቃጠለው መብራት ነው። ልጁ በሰኔ እዚያ ቤት አልነበረም። ዋሱም ይህን በደንብ ያውቃሉ፤ ዕቃውን ሲጭን አብረው ነበሩ። እና ደብዳቤውን ሲያነቡ መጀመሪያ ያዩት ልጁ ባልኖረበት ወር መጠየቁን ነው። አንድ ወር ውሸት ከሆነ የቀሩትን ሁለት ወሮች ማን ያምናል?

ይህ እንዳይመጣ ብዬ ነበር ማስታወሻው ላይ የቆጣሪውን ንባብ ያሰፈርኩት። ልጁ ሲወጣ ቆጣሪው ፊት አብረን ቆመን በስልክ ፎቶ አንስተናል። ቁጥሩ 4,318 ይላል። የግንቦት ቢል ላይ ያለው የመጨረሻ ንባብ 4,306 ነው። ማለትም ቆጣሪ አንባቢው የመጣው ልጁ ከመውጣቱ በፊት ነው፤ ቢሉ ላይ ያለው ሁሉ የልጁ ፍጆታ ነው። የቀረውን 12 ኪሎዋት ሰዓት ትቼለታለሁ። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ጎን ለጎን ያየ ሰው ሌላ ጥያቄ አይኖረውም። እናንተ ግን «ለአንባቢ አሰልቺ ነው» ብላችሁ አወጣችኋቸው። እንደዚህ ዓይነት ደብዳቤ ውስጥ ውብ ቃል ቢቀር ማንም አይጎዳም። የቆጣሪ ንባብ ሲቀር ግን የሚቀረው ወሬ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ገንዘቡ ነው። የመብራቱ የሦስት ወር ሒሳብ 612፣ 645 እና 703 ብር ሲሆን ድምሩ 1,960 ብር ነው። የውኃው ጠቅላላ ቢል ሚያዝያ 480፣ ግንቦት 520 ብር ነው። የልጁ ድርሻ ግማሹ ነው፤ 240 እና 260፣ በድምሩ 500 ብር። ሁለቱ ሲደመሩ 2,460 ብር ይሆናል። ከዚህ ላይ ግንቦት 22 በቴሌብር የላከልኝ 700 ብር ይቀነሳል። የሚቀረው 1,760 ብር ነው። በእናንተ ደብዳቤ ላይ ያለው 2,960 ብር ነው። የውኃውን ሙሉ ቢል ደምራችኋል፤ የከፈለውን 700 ብርም ጭራሽ አላነሳችሁትም። የሌላውን ቤት ውኃ በዋሱ ላይ ጫናችሁ ማለት ነው። ልጁ የከፈለውን መደበቅ ደግሞ እኔን ውሸታም ያደርገኛል። ዋሱ ለልጁ ደውለው ቢጠይቁት «700 ብር ልኬያለሁ» ይላቸዋል፤ ማስረጃውም ስልኩ ላይ አለ።

ሦስተኛው ይበልጥ የከበደኝ ነው። እኔ ርዕሱን «ማስታወሻ» ብዬው ነበር። እናንተ «የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ» አላችሁት። ከዚህ በፊት አንድም ደብዳቤ ያልደረሰው ሰው እንዴት የመጨረሻ ይላክለታል? «ተከራዩ ያልከፈለው» ያልኩትን «ያለብዎትን ዕዳ» አድርጋችሁታል። ዋስ ዕዳ የፈጠረ ሰው አይደለም። ባለዕዳው ሳይከፍል ሲቀር እከፍላለሁ ብሎ ቃል የገባ ሰው ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1922 ዋስትና በግምት አይያዝም፣ ከተገባበት ወሰንም አያልፍም፣ የገንዘቡ ልክ ካልተጠቀሰም ዋጋ የለውም ይላል። ውላችን ላይ ጋሼ የፈረሙት ለኪራይ፣ ለመብራትና ለውኃ እስከ 5,000 ብር ነው። ይህን ልክ በማስታወሻዬ ላይ ጽፌው ነበር። ሰውየው የፈረሙበትን ጣሪያ ሲያዩ ልባቸው ያርፋል፤ ከዚያ በላይ እንደማይጠየቁ ያውቃሉ። እናንተ እሱን አውጥታችሁ «ከተከራዩ ጋር በአንድነትና በነጠላ ኃላፊ ነዎት» የሚል አስገባችሁ። ውሉ ላይ እንዲህ የሚል ቃል የለም። እሳቸው ተራ ዋስ ናቸው። ተራ ዋስ ደግሞ መጀመሪያ የተከራዩን ንብረት ጠይቂ ሊል መብት አለው። ለዚህ ነው ልጁን መቼ እንደጠየቅኩት በማስታወሻዬ የጻፍኩት። እሱንም ሰርዛችሁታል።

ከሁሉ የባሰው ግን ከታች ያለው ግልባጭ ነው። «ለቀበሌው አስተዳደር፣ ለዕድራቸው» ይላል። ማን አዘዛችሁ? 1,760 ብር ለማስመለስ አንድ ሽማግሌ በዕድራቸው ፊት ይዋረዱ ብዬ አላውቅም። ደግነቱ መልእክተኛችሁ ግልባጮቹን አላደረሰም። ቢደርሱ ኖሮ ይህ ደብዳቤ ሌላ መልክ ይኖረው ነበር።

ጸሐፊያችሁን ስጠይቀው «ካልጠነከረ አይከፍሉም» አለኝ። አልስማማም። ዋስ የሚከፍለው ሒሳቡን ራሱ አስልቶ ማረጋገጥ ሲችልና ክብሩ ሲጠበቅለት ነው። ሲሰደብ የመጀመሪያ ሥራው ስህተት መፈለግ ይሆናል። እናንተ ደግሞ ስህተቱን አዘጋጅታችሁ ሰጣችኋቸው።

ማስተካከል ማለት ምን እንደነበር እንድታዩት፣ የምፈልገውን ጽሑፍ እዚህ አስቀምጣለሁ።

«ይድረስ ለተከበሩ አቶ …፣ ጤና ይስጥልኝ። ጥቅምት 1 ቀን 2017 ዓ.ም. በተፈረመው የኪራይ ውል ለኪራይ፣ ለመብራትና ለውኃ እስከ 5,000 ብር ዋስ መሆንዎ ይታወሳል። ተከራዩ ግንቦት 30 ቤቱን ሲለቅ የመጋቢት፣ የሚያዝያና የግንቦት መብራት 1,960 ብር እና የሚያዝያና የግንቦት ውኃ ግማሽ ድርሻ 500 ብር አልተከፈለም ነበር። ግንቦት 22 የላከው 700 ብር ተቀንሶ 1,760 ብር ይቀራል። ቆጣሪው በስሜ ስለሆነ ለአገልግሎት ሰጪዎቹ ከፍያለሁ። ተከራዩን ሰኔ 5 እና ሰኔ 14 በጽሑፍ መልእክት ጠይቄው እስካሁን አልከፈለም። የቢሎቹን፣ የደረሰኞቹንና የቆጣሪውን ፎቶ ቅጂ አያይዣለሁ። ሒሳቡ ላይ የማይስማሙበት ነገር ካለ እባክዎ ይንገሩኝ፤ አብረን እናየዋለን። ከልጁ ጋር ተነጋግረው እስከ ሐምሌ 30 እንዲከፈል ቢረዱኝ፣ ወይም በሁለት ጊዜ መክፈል የሚቀል ከሆነ ቢያሳውቁኝ አመሰግናለሁ። ከአክብሮት ጋር።»

ይህ ነው። ማስፈራሪያ የለውም፤ ግን የጎደለ ነገርም የለውም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ቢደርስ እንኳ ዳኛ ፊት የማላፍርበት ወረቀት ነው። «ሕጋዊ እርምጃ» የሚለውን ያላስገባሁት ረስቼው አይደለም። ለመጀመሪያ ደብዳቤ ቦታው ስላልሆነ ነው።

ከድርጅታችሁ የምጠይቀው እንዲህ ነው። አንደኛ፣ የተላከው ደብዳቤ ያለ እኔ ፊርማና ፈቃድ መሆኑን፣ ወሩና ገንዘቡ በእናንተ የተሳሳተ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ በማኅተማችሁ አዘጋጅታችሁ ለዋሱ ስጡ። በመልእክተኛ ሳይሆን ኃላፊ የሆነ ሰው ሄዶ በእጃቸው ይስጣቸው፤ ይቅርታም ይጠይቃቸው። ሁለተኛ፣ ከላይ ያለውን ጽሑፍ ያለ አንድ ቃል ለውጥ ጽፋችሁ እንድፈርምበት አምጡልኝ። ሦስተኛ፣ የከፈልኩትን የአገልግሎት ክፍያ መልሱልኝ። የዋሱና የተከራዩ ስም ያለበትን ፋይልም ከኮምፒውተራችሁ አጥፉ። የቀጣዩ ባለጉዳይ ደብዳቤ በእሱ ላይ እየተገለበጠ እንዲጻፍ አልፈልግም።

መልሳችሁን እስከ ሐምሌ 18 በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ካልመለሳችሁልኝ ደረሰኙንና ሁለቱን ደብዳቤዎች ይዤ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት አመለክታለሁ። እኔ በራሴ በኩል ጋሼ ቤት ሄጄ ትክክለኛውን ሒሳብ ከቢሎቹ ጋር አሳይቻቸዋለሁ። ቡና አፍልተው ተቀበሉኝ፤ ሒሳቡንም በእስክሪብቶ ራሳቸው ደመሩት፤ 1,760 ወጣላቸው። የቀረው የእናንተ ድርሻ ነው።

ከሰላምታ ጋር
ፊርማ
የቤቱ አከራይ

አባሪ፡ የእጅ ጽሑፌ ቅጂ፣ በድርጅታችሁ የተላከው ደብዳቤ ቅጂ፣ የአገልግሎት ክፍያ ደረሰኝ