የሳይንስ ክበብ፦ ከቀረው ካርቦን ወደ ዓመታት

ዘንድሮ ክበባችን ሥራውን የጀመረው በአንድ ጥያቄ ነው። ሕይወት ያለው ነገር ከሞተ በኋላ፣ በውስጡ የነበረው ራዲዮአክቲቭ ካርቦን፣ ማለትም ካርቦን 14፣ በየ5730 ዓመቱ በግማሽ ይቀንሳል። ከካርቦን 14ቱ ሩቡ ብቻ የቀረው የእንጨት ዕቃ ስንት ዓመቱ ነው? ብዙዎቹ ተማሪዎች "8595" ብለው መለሱ። ግማሹ በ5730 ዓመት ካለቀ፣ ቀጣዩ ሩብ በዚያ ጊዜ ግማሽ ያልቃል ብለው ነው።

እኔ መልሱን ከመናገር ይልቅ 100 ሳንቲም አመጣሁ። እየወረወርን ዘውድ የወጣውን አነሣን፣ ጎፈሩን ብቻ መልሰን ወረወርን። መጀመሪያ 52 ቀረ፣ ቀጥሎ 27፣ ከዚያ 12። እያንዳንዱ ውርወራ የሚወስደው ከመጀመሪያው 100 ሳይሆን ከቀረው ላይ ግማሽ ያህሉን ነው። ስለዚህ ሩብ የቀረው ዕቃ ሁለት ግማሽ ዕድሜ፣ ማለትም ሁለት ጊዜ 5730 ወይም 11,460 ዓመት አልፎታል። ከዚያ በኋላ ይህን ስህተት የደገመ የለም።

የቀረው መጠን እንዲህ እኩል ባይወጣስ? እዚህ ላይ ሎጋሪዝም አስፈለገን፦

t = (5730 / ln 2) × ln(1/f)

t ያለፈው ዓመት፣ f ደግሞ የቀረው ክፍልፋይ ነው። በቀመሩ የሠራነው በ1991 እ.ኤ.አ. በአልፕስ ተራሮች በረዶ ውስጥ የተገኘውን ሰው፣ ኦትዚን ነው። ከካርቦን 14ቱ 53 በመቶ ገደማ ቀርቶ ነበር። 1/0.53 ወደ 1.887 ነው፣ የእሱ ln ደግሞ 0.635 ነው። በ5730 / ln 2፣ ማለትም በ8267 ሲባዛ ወደ 5250 ዓመት ይመጣል። ተመራማሪዎች ከደረሱበት ዕድሜ ጋር ይቀራረባል። እነሱ ግን በዚህ አይቆሙም። በአየር ላይ ያለው ካርቦን 14 በየዘመኑ እኩል ስላልነበረ፣ ውጤቱን በዛፍ ቀለበቶች ያስተካክላሉ።

በጣም የወደድኩት የሁለተኛው ሴሚስተር ሥራ ነው። ናሙናው ውስጥ 1 በመቶ የዛሬ ካርቦን ቢገባስ ብለን አሰላን። የጣት ቅባት ወይም የሣር ሥር ሊሆን ይችላል። በኦትዚ ላይ ዕድሜውን በ70 ዓመት ገደማ ብቻ ያሳንሰዋል። 40,000 ዓመት ያለው ከሰል ግን 33,300 ገደማ መስሎ ይታያል። ከእሱ የቀረው ካርቦን 14 ከ1 በመቶ ያነሰ ስለሆነ፣ የገባው ቆሻሻ ከራሱ ይበልጣል። ላቦራቶሪዎች ናሙናውን በአሲድ የሚያጥቡት፣ ከ50,000 ዓመት በላይ ሲሆን ደግሞ በዚህ ዘዴ የማይተማመኑት ለዚህ ነው።

በመጨረሻው ስብሰባ አንዲት ተማሪ "የኦትዚ መጥረቢያ ምላጩ መዳብ ነው፣ እሱንስ እንዴት እንለካዋለን?" ብላ ጠየቀች። ጥሩ ጥያቄ ነበር። ይህ ዘዴ የሚሠራው በሕይወት ሳለ ከአየር ወይም ከምግብ ካርቦን ሲወስድ በነበረ ነገር ላይ ነው። መዳቡ ያ የለውም፣ የእንጨት እጀታው ግን አለው። እጀታውም የሚነግረን እንጨቱ መቼ እንዳደገ እንጂ መጥረቢያው መቼ እንደተሠራ አይደለም። ከአሮጌ እንጨት የተጠረበ እጀታ ከምላጩ በብዙ ዓመት ሊቀድም ይችላል። የሚቀጥለውን ዓመት ከዚህ እንጀምራለን።